የሁለት ምሰሶ ክርክር፦ ለግንባታ መዘግየት የግልግል ዳኝነት ምስለ ችሎት እንዴት እንደምትዘጋጁ

ይህን ጥያቄ የሚያመጡልኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ሕጉን ያውቃሉ፤ ፌሮ ሳይመጣ የመሠረቱ ፉቲንግ እንደማይሞላ ግን ማንም አልነገራቸውም። ሌሎቹ የሳይት መሐንዲሶች ናቸው። ሥራው ለምን እንደዘገየ አብጠርጥረው ያስረዳሉ፤ ደብዳቤው መቼ እንደደረሰ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ሁለቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ “መክፈቻው ላይ ምን እንበል? ዳኞቹስ ምን ይጠይቁናል?”

መልሴን በአንድ የተፈጠረ ጉዳይ ላይ አሳያችኋለሁ። ጉዳዩን እንዳለ ወስዳችሁ መለማመድ ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዘጠኝ ሰው፦ ሦስት የግልግል ዳኞች፣ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ጠበቃና አንድ ምስክር። ሰዓት የሚይዝ አሥረኛ ሰው ካገኛችሁ እሰየው።
- የፊዲክ 1999 ቀዩ መጽሐፍ፣ ማለትም ውሉ የተመሠረተበት ዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውል፣ በተለይ አንቀጽ 2.1፣ 8.4፣ 8.7 እና 20.1።
- የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 እና 1732፣ እንዲሁም የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013።
- ዘጠኝ ሰነዶች የያዘ ጥራዝ በአምስት ቅጂ፦ ለዳኞቹ ሦስት፣ ለየወገኑ አንድ አንድ። ገጾቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ቁጥር ይለፉ።
- የ2015 እና የ2016 ካላንደር፣ ጳጉሜን ጨምሮ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።
- ሁለት ሰዓት።

1. ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጻፉት

ሁለቱም ወገን የሚያመው ቦታ ይኑረው። አንዱ ወገን ንጹሕ ከሆነ ዳኞቹ የሚጠይቁት ያጣሉ፤ ልምምዱም በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የእኛ ጉዳይ ይህ ነው።

አንድ ሥራ ተቋራጭ አዳማ ላይ ለአንድ የግል ኩባንያ ባለ አራት ፎቅ ቢሮ ሊሠራ ተዋዋለ። ዋጋው 80 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው 540 ቀን ነው። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ ይቀጣል፤ ይህም በቀን 80,000 ብር ነው። ጣሪያው 10 በመቶ ነው።

አሠሪው ቦታውን ሙሉ በሙሉ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ሊያስረክብ ነበር። በዕለቱ ግን የሰሜኑ ክንፍ በሚያርፍበት ቦታ ሁለት የመብራት ምሰሶዎች ቆመው ተገኙ። ምሰሶዎቹ ተነስተው ቦታው የተሰጠው ጥቅምት 12 ቀን 2016 ነው። ሕንፃው በመጨረሻ 96 ቀን ዘግይቶ ተጠናቀቀ። አሠሪው ሙሉውን ቅጣት፣ 7,680,000 ብር፣ ከክፍያ ላይ ቆረጠ። ተቋራጩ በክሱ የ66 ቀን የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቀ። ለነዚህ ቀናት የተቆረጠበት ቅጣት እንዲመለስለት፣ በተጨማሪም በቀን 45,000 ብር የሳይት ወጪ እንዲከፈለው ጠየቀ። ቀሪዎቹ 30 ቀናት የራሱ ጥፋት መሆናቸውን አምኗል።

ከዚህ በታች ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበትን ጻፉ፦ ዝርዝር ጥያቄው በ42 ቀን ውስጥ ቀርቧል፤ ከግልግሉ በፊት ያለው የክርክር ቦርድ ደረጃ አልፏል፤ ተፈጻሚው የኢትዮጵያ ሕግ ነው። ይህን ካልዘጋችሁት አንዱ ብልጥ ጠበቃ የሥልጣን መቃወሚያ ያነሳና ቀኑ በዚያው ያልቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የምታውቁትን እውነተኛ ክርክር ስም ብቻ ቀይራችሁ አታምጡ። ግልግል በዝግ የሚታይ ነገር ነው፤ የግንባታው ዓለም ደግሞ ጠባብ ነው። ምሰሶውንና ቀኑን ያየ ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

2. ሰነዶቹን ሥሩ

ሰነድ 1 የውሉ ዋና ገጽና ልዩ ሁኔታዎቹ ነው። ሰነድ 2 የጸደቀው የሥራ ፕሮግራም ነው፤ የሰሜኑ ክንፍ ቁፋሮ ነሐሴ 18 እንደሚጀመር፣ ያ ሥራ ከዘገየም ሕንፃው በሙሉ እንደሚዘገይ ያሳያል። መሐንዲሶች ክሪቲካል ፓዝ የሚሉት መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ሰነድ 3 የነሐሴ 12 የርክክብ ቃለ ጉባኤ ነው። ተቋራጩ ከፊርማው በላይ በእጁ “ምሰሶዎቹ ካልተነሱ ሥራው ይዘገያል” ብሎ ጽፎበታል። ሰነድ 4 የጳጉሜ 2 ሳምንታዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው፤ አማካሪ መሐንዲሱ ራሱ ይዞታል፣ የምሰሶዎቹ ጉዳይም ተነስቶበታል። ሰነድ 5 የተቋራጩ የማሳወቂያ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው መስከረም 3፣ የአማካሪው መዝገብ ቤት ማህተም ያረፈበት ግን መስከረም 5 ቀን 2016 ነው። ሰነድ 6 አማካሪው “ጊዜው አልፏል” ብሎ የመለሰበት ደብዳቤ ነው። ሰነድ 7 የሳይት መዝገብ ነው፤ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 12 በየቀኑ “ፌሮ የለም፣ ቡድኑ ቆሟል” ይላል። ሰነድ 8 የጥቅምት 12 ሁለተኛው ርክክብ፣ ሰነድ 9 ቅጣቱ የተቆረጠበት የክፍያ ሰርተፊኬት ነው።

ማህተሙንና የእጅ ጽሑፉን በደንብ እንዲታዩ አድርጋችሁ ሥሯቸው። ክርክሩ የሚዞረው በእነሱ ላይ ነው።

3. ቀኖቹን በእጃችሁ ቁጠሩ

አንቀጽ 20.1 ተቋራጩ ጥያቄውን የሚያስነሳውን ክስተት ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ካላሳወቀ ጊዜም ገንዘብም የለውም። በፊዲክ “ቀን” ማለት የካላንደር ቀን ነው፤ እሑድና በዓልም ይቆጠራል።

ከነሐሴ 12 እንቁጠር። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 18 ቀን ነው። ቀጥሎ ጳጉሜ ይመጣል። 2015 ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለሆነ 24 ደረስን። 28ኛው ቀን መስከረም 4 ነው። ማህተሙ መስከረም 5 ይላል። አንድ ቀን አለፈ!

ጳጉሜን አምስት ብሎ የቆጠረ ሰው ደብዳቤው በመጨረሻው ቀን እንደደረሰ ያስባል። ይህን ጉዳይ ባሠራሁ ቁጥር ቢያንስ አንድ ቡድን እዚህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቆጠራችሁን በፈረንጆቹም አረጋግጡ፦ ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ቀን 2023 ነው፤ 28 ቀን ሲጨመርበት ሴፕቴምበር 15 ይሆናል፤ እሱም መስከረም 4 ነው።

አሁን ሌላ መነሻ ሞክሩ። ቁፋሮው የሚጀመረው ነሐሴ 18 ስለሆነ ከዚያ በፊት ምሰሶዎቹ ማንንም አላዘገዩም ማለት ይቻላል። ከነሐሴ 18 ከተቆጠረ 28ኛው ቀን መስከረም 10 ይሆናል፤ ደብዳቤው በጊዜው ደርሷል።

ይህ ግን ዋጋ አለው። ከነሐሴ 12 እስከ ጥቅምት 12 ሲቆጠር 66 ቀን ነው፤ ከነሐሴ 18 ሲቆጠር 60። ከሳሽ ለማሳወቂያው “መዘግየቱ የጀመረው ነሐሴ 18 ነው” ብሎ፣ ለገንዘቡ ደግሞ “ከነሐሴ 12 ቁጠሩልኝ” ሊል አይችልም። አንዱን ይምረጥ። የጠበቆቹ ዝግጅት ከዚህ ምርጫ ይጀምራል፤ መክፈቻውም የምስክሩ ጥያቄም ከእሱ ይከተላል።

4. የመዘግየቱን ሥዕል በአንድ ገጽ ሳሉ

በአግድም ቀኖቹን አስቀምጡ። ከላይ “ምሰሶዎች” የሚል አሞሌ ከነሐሴ 18 እስከ ጥቅምት 12፣ 60 ቀን። ከሥሩ “ፌሮ” የሚል አሞሌ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 12፣ 22 ቀን። ሁለቱ የተደራረቡበትን በቀለም ሙሉት።

ይህ መደራረብ ለጊዜና ለገንዘብ የተለያየ ውጤት አለው። በግንባታው ዓለም በብዛት የሚጠቀሰው የእንግሊዙ የግንባታ ሕግ ማኅበር ፕሮቶኮል እንደሚለው፣ የአሠሪውና የተቋራጩ መዘግየት በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ተቋራጩ ጊዜውን ያገኛል። ለተደራረቡት ቀናት ግን፣ በአሠሪው ምክንያት ብቻ የመጣውን ወጪ ለይቶ ካላሳየ፣ ገንዘብ አያገኝም። ፕሮቶኮሉ ሕግ አይደለም፤ የግልግል ዳኞቹን ጉባኤ አያስገድድም። ዳኞቹ ግን ያውቁታል ብላችሁ ተዘጋጁ።

በዚህ ስሌት ከሳሽ የ60 ቀን ቅጣት፣ ማለትም 4,800,000 ብር ይመለስለታል። የሳይት ወጪው ግን ለ38 ቀን ብቻ፣ 1,710,000 ብር ይሆናል። አሠሪው ለቀሩት 36 ቀናት 2,880,000 ብር ቅጣት ይዞ ይቀራል። ቁጥሮቹ በገጹ ሥር ይጻፉ። ዳኛ ካልኩሌተር ሲፈልግ ክርክራችሁን አይሰማም።

5. ሰዓቱን ከፋፍሉ

መክፈቻ ለየወገኑ 10 ደቂቃ። የጉባኤው ጥያቄዎች ለየወገኑ 15። ምስክር ለየወገኑ 20። መዝጊያ ለየወገኑ 5። ለውሳኔና ለአስተያየት 20። ድምሩ ሁለት ሰዓት ነው። በመክፈቻው የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዳኞቹ እንዳያቋርጡ ተስማሙ፤ ጀማሪ ተከራካሪ ገና አፉን ሳይከፍት ከተቋረጠ መስመሩን መልሶ አያገኘውም።

6. መክፈቻውን ጻፉ

መክፈቻ ማስረጃ አይደለም፤ የሕግ ንግግርም አይደለም። ዳኞቹ ጥራዙን ሲያገላብጡ ምን እንደሚፈልጉ የሚነግር ካርታ ነው። አራት ነገር ይበቃዋል፦ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዋናዎቹ ቀኖች ከሰነድ ቁጥራቸው ጋር፣ የራሳችሁ ደካማ ጎን፣ የምትጠይቁት ውሳኔ ከነአኃዙ። የከሳሽ ጠበቃ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

“ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን የጉባኤው አባላት። ይህ ክርክር ስለ ሁለት የመብራት ምሰሶዎች ነው። ተከሳሽ የሰሜኑን ክንፍ ቦታ ነሐሴ 12 ሊሰጠን ተዋውሎ የሰጠን ጥቅምት 12 ነው። ሰነድ 3ን እና ሰነድ 8ን ጎን ለጎን ያዩዋል። ሁለቱንም ተከሳሽ ፈርሞባቸዋል።

በክሳችን 66 ቀን ጠይቀን ነበር። ዛሬ ወደ 60 ዝቅ እናደርገዋለን። በሰነድ 2 መሠረት ቁፋሮው የሚጀመረው ነሐሴ 18 ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ስድስት ቀናት ሥራውን አላዘገዩም።

ተከሳሽ ማሳወቂያችን አንድ ቀን ዘግይቷል ይላል። ቆጠራው ትክክል የሚሆነው ከነሐሴ 12 ከተጀመረ ብቻ ነው። የጊዜ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ሥራ ሲዘገይ ነው፤ ሥራው መዘግየት የጀመረው ነሐሴ 18 ነው። ደብዳቤያችን የደረሰው ጊዜው ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ይህ ባይሆን እንኳ፣ አማካሪው በራሱ እጅ የያዘው የጳጉሜ 2 ቃለ ጉባኤ የጽሑፍ ማሳወቂያ ነው እንላለን።

ፌሮ የጠፋባቸው 22 ቀናት አሉ። አንደብቃቸውም። ለነሱ የሳይት ወጪ አንጠይቅም። የምንጠይቀው 60 ቀን፣ የ4,800,000 ብር ቅጣት ተመላሽና 1,710,000 ብር ወጪ ነው።”

ቀስ ብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ሰነዶቹን ከፍቶ ለማሳየት ተጠቀሙበት። ስድስቱን ቀን መተው ሞኝነት የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። ያልተተወ ስድስት ቀን ግን በጥያቄው ሰዓት ስልሳውንም ይዞ ይሄዳል።

የተከሳሽ መክፈቻ የከሳሽን ነጥብ በነጥብ አይከተል። እሱ ያለው ምርጥ ማስረጃ የተቋራጩ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ “ምሰሶዎቹ ካልተነሱ ሥራው ይዘገያል።” ከዚያ ይጀምር። ነሐሴ 12 ይህን የጻፈ ሰው ክስተቱንም ውጤቱንም አውቋል፤ አንቀጽ 20.1 ደግሞ ክስተቱን ማወቅ እንጂ መዘግየት መጀመሩን አይጠይቅም። ቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው ይላል። አንድ ቀንም ቢሆን አለፈ ማለት አለፈ ነው። የፌሮው ነገር ሁለተኛ መስመር ሆኖ ይቆይ።

7. የጉባኤውን ጥያቄዎች አዘጋጁ

ዳኞች ሆናችሁ የምትሠሩት ጥያቄዎቹን ለብቻችሁ ጻፉ፤ ለሁለቱም ወገን አታሳዩ። ጥሩ ጥያቄ አንድን ሰነድ ከሌላው ጋር ያጋጫል። ለዚህ ጉዳይ እኔ የማልተዋቸው እነዚህ ናቸው።

ለከሳሽ፦ “ሰነድ 3 ላይ የጻፉት የእርስዎ ደንበኛ አይደሉም? ሥራው እንደሚዘገይ ነሐሴ 12 ካወቁ ምን ይጠብቁ ነበር?” “የጳጉሜ 2 ቃለ ጉባኤ ማሳወቂያ ከሆነ፣ መስከረም 3 ሌላ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ?” “ምሰሶዎቹ መስከረም 20 ተነስተው ቢሆን ኖሮ፣ ያለ ፌሮ ምን ይሠሩ ነበር?”

ለተከሳሽ፦ “ምሰሶዎቹን ማንሳት የማን ግዴታ ነበር?” “አማካሪዎ ጳጉሜ 2 በጽሑፍ ያውቅ ነበር። በአንዱ ቀን መዘግየት ምን ጉዳት ደረሰብዎ?” “ቦታውን ሳይሰጡ የቀን ቅጣት መቁረጥ ከቁጥር 1732 ቅን ልቦና ጋር እንዴት ይታረቃል?”

አመላለሱ ሦስት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ “አዎ” ወይም “አይደለም”፣ ቀጥሎ ሰነዱ፣ ከዚያ ምክንያቱ። እንዲህ፦

ሰብሳቢ፦ “ደንበኛዎ ነሐሴ 12 ሥራው እንደሚዘገይ ያውቁ ነበር?”

ጠበቃ፦ “አዎ፣ ሊዘገይ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ሰነድ 3 ላይ ‘ካልተነሱ’ ነው ያሉት። ተከሳሽ በስድስቱ ቀን ውስጥ ቢያነሳቸው ኖሮ የምንጠይቀው ነገር አይኖርም ነበር። ያልደረሰ መዘግየት ገና ጥያቄ አይወልድም።”

ሰብሳቢ፦ “ይህን አቋም የወሰደ ውሳኔ ያውቃሉ?”

ጠበቃ፦ “የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ2014 በኦብራስኮንና በጅብራልታር መንግሥት ክርክር የ28 ቀኑ ቆጠራ መዘግየቱ በተግባር ከጀመረበት ሊነሳ ይችላል ብሏል። ጉባኤውን አያስገድድም፤ የውሉ ቃል ግን ከዚያ የፊዲክ ቃል ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ ጠቅሰነዋል።”

“አያስገድድም” የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ዳኛው ሊላችሁ የነበረውን ቀድማችሁ አላችሁት።

8. ምስክሮቹን አዘጋጁ፣ ከዚያ ውሳኔ ስጡ

የከሳሽ ምስክር የሳይት መሐንዲሱ፣ የተከሳሹ አማካሪው ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ ስጧቸው፤ ከዚያ ውጭ ፍሬ ነገር እንዳይፈጥሩ ቃል አስገቧቸው። አንድ ጊዜ ምስክር ሆኖ የቀረበ ልጅ ጭንቅ ሲለው “ፌሮው እኮ መንገድ ላይ ነበር” አለ። ሰነድ ላይ የለም። የተቃራኒው ጠበቃ ለማጣራት ሞከረ፣ ምስክሩ ሌላ ፈጠረ፣ ሃያው ደቂቃ በሌለ ፌሮ አለቀ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲጠየቅ መልሱ “አላስታውስም” ይሁን።

ዳኞቹ ውሳኔያቸውን በሦስት መልስ ይስጡ፦ ማሳወቂያው በጊዜው ነበር? ስንት ቀን? ስንት ብር? አብላጫው የማሳወቂያው ጊዜ አልፏል ካለ ቀሪዎቹን ሁለቱንም “ባያልፍ ኖሮ” ብላችሁ መልሷቸው። አለበለዚያ የመደራረቡን ክርክር የሠሩ ልጆች አስተያየት ሳያገኙ ይቀራሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ቀን እንደደረሰበት ቀን መቁጠር። ሁልጊዜ ማህተሙን እዩ።

“ዝናብም ነበር፣ ሲሚንቶም ጠፍቶ ነበር” እያሉ ክሱ ላይ የሌለ ምክንያት መጨመር። ጠንካራውን ነጥብ ያደበዝዘዋል። ዳኛው ደግሞ ወዲያው “ለዝናቡስ ማሳወቂያ ሰጥታችኋል?” ይላል።

የቆየውን ቀን ሁሉ የዘገየ ቀን አድርጎ ማቅረብ። ቦታው 66 ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ሕንፃውን ያዘገየው ግን 60ው ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው የሥራ ፕሮግራሙ ብቻ ስለሆነ ሰነድ 2ን ሳይከፍቱ ስለ ቀን መከራከር አይቻልም።

መክፈቻውን ከወረቀት ማንበብ። አራቱን ቀኖች (ነሐሴ 12፣ ነሐሴ 18፣ መስከረም 5፣ ጥቅምት 12) በቃላችሁ ያዙና ሌላውን ከሥዕሉ ላይ ተናገሩ።

ጥያቄ ሲመጣ “ወደዚያ እመጣለሁ” ማለት። አትመጡም፤ ሰዓቱ ያልቃል። ዳኛው የጠየቀው አሁን ስለሚያስፈልገው ነው፤ አሁን መልሱለትና ካቆማችሁበት ቀጥሉ።